መልክ ይከሳል፣ ማኅደር ይፈርዳል

በዶናልድ ትራምፕ የጎልፍ ክበቦች ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ አንድ የ«ታይም» መጽሔት ሽፋን ነበር። መጽሔቱ የሚታወቅበት ቀይ ጠርዝ ዙሪያውን ይዞታል፤ ከላይ ስሙ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ መሀል ላይ ትራምፕ አሉ። ቀኑ ማርች 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ይላል። ርዕሱ «ዘ አፕረንቲስ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ትርዒታቸው የተመልካቹን ልብ እንዴት እንደ ማረከ ያበስራል። ሽፋኑ ከፍሎሪዳ እስከ ስኮትላንድ ቢያንስ በአምስት ክበቦች ተሰቅሎ ነበር።

በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. የ«ዋሽንግተን ፖስት» ጋዜጠኛ ዴቪድ ፋረንትሆልድ ይህን ሽፋን ጉዳዬ ብሎ መረመረው። ሥራው ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የተጠረጠረውን ሽፋን ከእውነተኞቹ ጎን አስቀምጦ ማስተያየት ብቻ ነው። ቀዩ ጠርዝ ከተለመደው ቀጠን ያለ ሆኖ ተገኘ። በእውነተኛው «ታይም» ላይ ከቀዩ ጠርዝ ጋር አብራ የምትዞረው ቀጭን ነጭ መስመር በዚህኛው ላይ የለችም። ርዕሶቹም በቃለ አጋኖ ያበቃሉ፤ «ታይም» ደግሞ በሽፋኑ ላይ እንዲህ የሚጮህ መጽሔት አይደለም። ኋላ ላይ ባርኮዱ ራሱ የመጽሔት ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ ከሚያስተምር የኢንተርኔት ትምህርት የተወሰደ መሆኑ ታወቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ክስ ነው። ጠበቃ ቢቆምለት «የአንድ አገር ልዩ እትም ይሆናል»፣ «ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ቆርጦት ይሆናል» ሊል ይችላል። ክርክሩን የዘጋው ማኅደሩ ነው። «ታይም» ከ1923 ጀምሮ ያወጣቸው ሽፋኖች ተሰድረው ተቀምጠዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ማርች 1 ቀን 2009 የሚል እትም የለም። ያለው የማርች 2 ነው፤ በእርሱ ሽፋን ላይ ያለችው ደግሞ ተዋናይቷ ኬት ዊንስሌት ናት። መጽሔቱም ሽፋኑ የእርሱ እንዳልሆነ አረጋገጠ።

በስልካችን ላይ የሚዘንበውን የዜና ስክሪንሹት ለመመርመርም ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል የለም። መጀመሪያ መልኩ ይታያል፤ ማለትም አደረጃጀቱ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ አርማው። ቀጥሎ ማኅደሩ ይከፈታል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ሠርቶ ይቆማል፤ «ፎንቱ ይለያል፤ ስለዚህ ውሸት ነው» ወይም «ልክ የእነሱ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ እውነት ነው» ይላል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ሰውን ጉድ የሚሠሩ ናቸው።

መልኩ ትክክል፣ ነገሩ ውሸት

ከሁለተኛው ስሕተት እንጀምር። ታሊባን ካቡልን በያዘበት በኦገስት 2021 አንድ የትዊተር መልእክት ተሠራጨ። «የሲኤንኤን ጋዜጠኛ በካቡል ተገደለ» የሚል ነበር፤ የሟቹ ስም በርኒ ጎርስ ተብሏል፤ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ፎቶም አብሮ ወጥቷል። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ሰሞን ደግሞ ሌላ መልእክት መጣ። በዩክሬኑ ቀውስ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሟች ታወቀ ይላል። ስሙ ያው በርኒ ጎርስ፣ ፎቶውም ያው ፎቶ ነው።

ከዚያ አንድ ሰው ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አድርጎ አንድ ስክሪንሹት ሠራ። ስክሪንሹቱ «ሲኤንኤን አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ገደለው» እየተባለ ጣቢያውን በውሸት ለመክሰስ በዓለም ዙሪያ ተቀባበለ። የሐሰተኛ ስክሪንሹት ዓላማ ሁልጊዜ የተጻፈውን ማሳመን አይደለም ማለት ነው። አንዳንዴ ሐሰቱ እንዲጋለጥ ተብሎ ይሠራል፤ ሲጋለጥ ተጠያቂ የሚሆነው ስሙ የተለጠፈበት የዜና ተቋም ነውና።

አሁን ይህን ስክሪንሹት በመልኩ ብንመረምረው ምን እናገኛለን? ምንም። የፊደሉ ቅርጽ ትክክለኛ የትዊተር ፊደል ነው። የመስመሮቹ ርቀት፣ የክቡ ፎቶ ቦታ፣ የሰዓቱ አጻጻፍ ሁሉ ልክ ነው። ምክንያቱም መልእክቶቹ በእርግጥ ትዊተር ላይ የወጡ ነበሩ። ያወጧቸው ግን «ሲኤንኤን አፍጋኒስታን» እና «ሲኤንኤን ዩክሬን» የሚል ስም የተሰጣቸው፣ ጣቢያው የማያውቃቸው አካውንቶች ነበሩ። ጣቢያው በዚህ ስም የሚሠራ ጋዜጠኛ እንደሌለው ተናገረ፤ አካውንቶቹም ታገዱ። በፎቶው ላይ ያለው ሰው በዩቲዩብ ጌም እየተጫወተ የሚያስተላልፍ፣ በሕይወት ያለ ሰው ነበር።

በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ጽሑፍ መልኩን የሚያገኘው ከመድረኩ እንጂ ከጸሐፊው አይደለም። ፌስቡክ ለታላቁ ጣቢያም ለአንድ ተራ ሰውም የሚሰጠው ፊደልና አደረጃጀት አንድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ስክሪንሹት ላይ መታየት ያለበት ፊደሉ ሳይሆን የአካውንቱ አድራሻ ነው። አድራሻው ተቆርጦ ከተላከ ቆራጩ ለምን ቆረጠው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሰማያዊውን ምልክትም ቢሆን ከቀኑ ጋር አያይዞ ማየት ያስፈልጋል፤ ትዊተር እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ምልክቱን የሚሰጠው ማንነትን አጣርቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን በወርሃዊ ክፍያ ይገኛል።

ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ማታለሉ ከዚህም ይቀላል። ማንኛውም ሰው በኮምፒውተሩ አሳሽ የአንድን ጋዜጣ ገጽ ከፍቶ የገጹን ኮድ በሚያሳየው መሣሪያ ርዕሱን ደምስሶ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። ለውጡ ለእርሱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ገጹን እንደገና ሲከፍተው ይጠፋል። ነገር ግን በመሀሉ ያነሳው ስክሪንሹት የጋዜጣውን ትክክለኛ ፊደል፣ ትክክለኛ ቀለምና ትክክለኛ ርቀት ይዞ ይቀራል። «ኢዩ ዲስኢንፎላብ» የተባለው ድርጅት በሴፕቴምበር 2022 ያጋለጠው፣ «ዶፔልጋንገር» የተባለው ዘመቻ ከዚህም አልፎ እንደ «ዴር ሽፒገል» ያሉ የዜና ተቋማትን ሙሉ ገጽ ቀድቶ እንደ `spiegel.ltd` ባሉ አድራሻዎች ላይ አስቀምጦ ነበር። የእውነተኛው አድራሻ `spiegel.de` ነው። ሁለቱን ገጾች በዓይን ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚለያቸው ከነጥቡ በኋላ ያለው ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ መልኩ ትክክል መሆኑ ማንንም ነጻ አያወጣም።

ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ ብዙ

ወደ መጀመሪያው ስሕተት እንመለስ፤ «ፎንቱ ይለያል፤ ስለዚህ ውሸት ነው» ወደሚለው። ይህ በአማርኛ ስክሪንሹት ላይ በተለይ ያሳስታል።

አንድ ድረ ገጽ ጽሑፉን ሲልክ የፊደሉን ቅርጽም አብሮ ሊልክ ይችላል። ካልላከ ግን ቅርጹን የሚሰጠው የአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ድረ ገጽ በእያንዳንዱ ቤት እንደ አዲስ የሚጋገር እንጀራ ነው፤ ሊጡ አንድ ቢሆንም ምጣዱ ይለያያል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በጉግል «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ይወጣል። በአይፎን ላይ በአፕል «ከፋ» ይወጣል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «ኢብሪማ»፣ ቆየት ባሉት ላይ «ኒያላ» ይሆናል። አራቱም የፊደሉን እግር፣ የአንገቱን ውፍረትና የቀለበቱን ክብነት በየራሳቸው መንገድ ነው የሚስሉት።

ስለዚህ ሳውዲ አረቢያ ያለችው እኅት በአይፎኗ ያነሳችው ስክሪንሹትና አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በሳምሰንጉ የሚያየው ያው ገጽ በፊደል ቅርጽ ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ልዩነት የሐሰት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በአንድ ስክሪንሹት ውስጥ ምጣዱ ሲቀላቀል ነው። ርዕሱ በአንድ የፊደል ቅርጽ፣ ከሥሩ ያለው አንቀጽ፣ ቀኑና «ተዛማጅ ዜናዎች» የሚለው ደግሞ በሌላ ቅርጽ ከወጡ፣ ገጹም ለርዕስ የተለየ ፊደል የማይጠቀም ከሆነ፣ ርዕሱ ከሌላ ቦታ መጥቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ተቀርጾ ያለቀ ምስል ግን ሌላ ነገር ነው። ጣቢያው በራሱ ኮምፒውተር አሰናድቶ እንደ ፎቶ የሚለጥፈው የዜና ካርድና በቴሌቪዥን መስኮት ግርጌ የሚወጣው የርዕስ ሰሌዳ የትም ቢታዩ ፊደላቸው አይለወጥም። እዚህ ላይ የፊደል ልዩነት ክብደት አለው። አንድ የሚጠቅም ነገርም አለ። በስልክ ላይ ምስል ለማስተካከል የሚያገለግሉ መተግበሪያዎች የሚያቀርቧቸው ያማሩ ፊደላት በአብዛኛው የላቲን ብቻ ናቸው፤ አማርኛ ሲጻፍባቸው የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስልኩ የራሱን ፊደል፣ አንድሮይድ ከሆነ «ኖቶን»፣ ይተካበታል። በዚህ የተነሳ በችኮላ በስልክ የተሠሩ ሐሰተኛ ካርዶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ጣቢያው ሌላ ፊደል የሚጠቀም ከሆነ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፊደል ዕድሜም አለው። በ2017 በፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሻሪፍ ቤተሰብ ላይ በተካሄደው ምርመራ፣ በፌብሩዋሪ 2006 ተፈረመ የተባለ ሰነድ «ካሊብሪ» በሚባለው ፊደል ተጽፎ ተገኘ። ካሊብሪ ለሕዝብ የተሠራጨው ግን በጃንዋሪ 2007 ከዊንዶውስ ቪስታና ከኦፊስ 2007 ጋር ነው። እኛም የዚህ አምሳያ አለን፤ «ኒያላ» የወጣው ከዚያው ከቪስታ ጋር፣ በጥር 1999 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን በኮምፒውተር ተጽፎ የወጣ ነው የተባለ መግለጫ በኒያላ ከተጻፈ በዚያን ጊዜ አልተጻፈም ማለት ነው። ያም ሆኖ በፓኪስታኑ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ «ካሊብሪ ከዚያ በፊት በሙከራ ቅጂ ይገኝ ነበር» ብለው ተሟግተዋል። መልክ ሁልጊዜ የመልስ ክርክር ይገጥመዋል።

አንድ ካርድ እንመርምር

ለልምምድ እንዲሆነን አንድ ካርድ እንፍጠር። ካርዱ ከላይ የቢቢሲን ሦስት ካሬዎች ይዟል፤ «ቢቢሲ አማርኛ» ይላል። ቀኑ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መሀል ላይ በወፍራም ፊደል «ሰበር ዜና፡ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ባንኮች ዝግ ይሆናሉ፡፡» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሰው በቴሌግራም ልኮልን «ያኔ ብለውን ነበር፤ ኋላ አጠፉት» የሚል ማስታወሻ ጨምሮበታል እንበል።

መጀመሪያ አርማው። ቢቢሲ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረው አርማ ፊደላቱ «ጊል ሳንስ» በሚባለው ቅርጽ የተጻፉ፣ ካሬዎቹም እርስ በርስ የተቀራረቡ ነበሩ። በኦክቶበር 2021 አርማው ታደሰ፤ ፊደላቱ ተቋሙ ለራሱ ባሠራው «ሪዝ» በሚባል ቅርጽ ተተኩ፣ አነስ አሉ፣ በካሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ። በእኛ ካርድ ላይ ያለው አዲሱ አርማ ነው እንበል። ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ኖቬምበር 22 ቀን 2019 ነው። ካርዱ ገና ሁለት ዓመት ያህል የሚቀረውን አርማ ለብሷል፤ በዚያ ቀን አልተሠራም።

ነገር ግን ይህ ካርድ ሳይሆን የድረ ገጽ ስክሪንሹት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይገለበጥ ነበር። በ2019 የተጻፈ ዜና ዛሬ ሲከፈት የሚወጣው በዛሬው የገጽ አልባሳት ነው፤ ቀኑ አሮጌ፣ አርማው አዲስ ይሆናል። በአርማው ብቻ ሐሰት ነው ብለን ብናውጅ እኛው ሐሰተኞች እንሆናለን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ የያዝነው ተቀርጾ ያለቀ ምስል ነው ወይስ ገጽ የሚለው ነው።

ቀጥሎ አጻጻፉ። የአማርኛ ዜና ክፍሎች ብዙ ነገር በየራሳቸው ልማድ ይጽፋሉ። አንዱ «ፕሬዝዳንት» ሲል ሌላው «ፕሬዚዳንት» ይላል፤ አንዱ «ጸጥታ»፣ ሌላው «ፀጥታ»፤ አንዱ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ብሎ ዘርዝሮ ሲጽፍ ሌላው «ጠ/ሚ» ብሎ ያሳጥራል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በጎርጎርዮሳውያን ይጽፋል። ካርዳችን ዓረፍተ ነገሩን የዘጋበትን ምልክት ደግሞ ልብ እንበል። አንዳንድ ጸሐፊ አራት ነጥቡን በአንድ ቁልፍ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከድሮ የለመደውን ይዞ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ጎላ አድርጎ ላየው ሰው ሁለተኛው ክፍተቱ ሰፋ ይላል። ጣቢያው በርዕስ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የማያደርግ ከሆነማ ምልክቱ መኖሩ ራሱ ይናገራል።

እነዚህን ልማዶች በቃል አውቃለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። ትክክለኛው ዘዴ ከተቋሙ ገጽ ላይ በዚያው ሳምንት የወጡ አሥር ያህል ካርዶችን ሰብስቦ ከተጠረጠረው ጋር ማስተያየት ነው። ከአርማው እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት፣ የመስመሮቹ ክፍተት፣ የርዕሱ መጠን ይለካል። አሥሩ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት ባለሙያዎች በተለያየ መንገድ የሚያዘጋጇቸው ከሆነ፣ የአሥራ አንደኛው መለየት ክብደት አይኖረውም። አሥሩ አንድ ዓይነት ሆነው እርሱ ብቻ ከተለየ ግን ክሱ ይጠነክራል።

የምስሉ ጥራትም ይታያል። ካርድ ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ፣ ከዋትስአፕ ወደ ፌስቡክ ሲዘዋወር በየጊዜው ይጨመቃል፤ እየደበዘዘ ይሄዳል። ድብዘዛው ግን ለሁሉም እኩል ነው። አርማውና ከጀርባ ያለው ፎቶ ደብዝዘው የርዕሱ ፊደላት እንደ ምላጭ ስል ከሆኑ፣ ርዕሱ የተጻፈው ሌላው ሁሉ ካረጀ በኋላ ነው። ከርዕሱ ጀርባ ያለው ቀለም ከአካባቢው ለየት ብሎ አራት ማዕዘን ቅርጽ ከሠራ ደግሞ ከሥሩ የተሸፈነ ሌላ ርዕስ ሳይኖር አይቀርም።

የተላከልን ከቴሌቪዥን መስኮት የተነሳ ምስል ቢሆን ዓይናችን ከትልቁ ርዕስ ይልቅ ወደ ግርጌ ይውረድ። ሐሰተኛ ሠሪው ትልቁን ርዕስ ለውጦ ከሥሩ የሚያልፈውን የዜና መስመር፣ የማዕዘኑን ሰዓትና የአንባቢዋን ልብስ እንዳሉ ይተዋቸዋል። የሚያልፈው መስመር ስለ አንድ የእግር ኳስ ውጤት ወይም ስለ አንድ ጉብኝት የሚያወራ ከሆነ ቀኑን ይነግረናል። ቀኑ ከታወቀ ጣቢያው ዩቲዩብ ላይ የጫነውን የዚያን ምሽት ዜና ከፍቶ ያቺን ቅጽበት መፈለግ ይቻላል። እውነተኛው ርዕስ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

ማኅደሩ ሲከፈት

ለማኅደር ፍለጋ መጀመሪያው በር የተቋሙ የራሱ ገጽ ነው። ከርዕሱ ውስጥ ተራ ያልሆነ ቃል መርጦ በተቋሙ አድራሻ ውስጥ ብቻ መፈለግ ይቻላል፤ ለካርዳችን እንዲህ ይሆናል፦

```
site:bbc.com/amharic "ባንኮች"
```

አማርኛ ላይ አንድ ችግር አለ። ፍለጋው «ፀሐይ» ተብሎ ሲጻፍ «ጸሃይ» የሚለውን ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉን በሞክሼ ፊደላቱ እየለዋወጡ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በር ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን እየቀዳ የሚያስቀምጠው፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የኢንተርኔት አርካይቭ ነው። «ዌይባክ ማሽን» በሚባለው መፈለጊያው የተቋሙን የመግቢያ ገጽ በተባለው ዓመት መክፈት ይቻላል፦

```
web.archive.org/web/2019*/bbc.com/amharic
```

የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ይመጣል፤ ቅጂ የተወሰደባቸው ቀናት ክብ ምልክት አላቸው። የኖቬምበር 22ን እና የማግሥቱን ቅጂ ከፍተን በመግቢያው ላይ የነበሩትን ርዕሶች እናነባለን። የሁሉንም ባንኮች መዘጋት የሚያህል ዜና ከመግቢያ ገጽ አይጠፋም፤ ሌሎች የዜና ተቋማትም ሳይዘግቡት አያልፉም።

የቅጂው አድራሻ ውስጥ አሥራ አራት አሃዞች አሉ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው፤ የሰዓቱ አቆጣጠር ግን የግሪንዊች ነው። `20211020163000` የሚል ቢሆን ኦክቶበር 20 ቀን 2021፣ 16፡30 ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የግሪንዊቹ ሰዓት ከ21፡00 ካለፈ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ቀኑም ተለውጧል። ይህን ሳያስተውሉ «በዚያ ቀን አልወጣም» ብለው የፈረዱ ሰዎች በአንድ ቀን ተሳስተው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በር ለቴሌግራም ነው። የአንድን ቻናል ስም ከ`t.me/s/` ቀጥሎ በአሳሽ ላይ ብንጽፍ የቻናሉ ጽሑፎች መተግበሪያው ባይኖርም ይከፈታሉ። የእያንዳንዱ ጽሑፍ አድራሻ በቁጥር ያበቃል፤ ቁጥሮቹም በተራ ነው የሚሰጡት። 4120 እና 4122 ኖረው 4121 ከሌለ የጠፋ ነገር ሊኖር ይችላል። ሆኖም ብዙ ፎቶዎች በአንድነት ሲለጠፉ እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ስለሚወስድ፣ ክፍተት ሁሉ የተሰረዘ ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም።

ፌስቡክ ላይ ደግሞ የገጹን ታሪክ የሚያሳየው ክፍል ገጹ መቼ እንደ ተከፈተና ስሙን ስንቴ እንደ ቀየረ ይናገራል። የትናንት የቀልድ ገጽ ዛሬ የዜና ተቋም ስም ለብሶ ሲገኝ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ተቋሙ ራሱ መቼ እንደ ተመሠረተ ማወቅም ይረዳል፤ ቢቢሲ አማርኛ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሆነን ቀን የያዘ የቢቢሲ አማርኛ ካርድ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ቀኑ ላይ «ዓ.ም.» ይሁን «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ 2009 ብቻ ከሆነ ግን ስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት ያላቸውን ሁለት ዘመናት እናስብ።

ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የተሻለ ማኅደር አለ። የኢንተርኔት አርካይቭ የቴሌቪዥን ዜና ክፍል ከ2009 ጀምሮ የተላለፉ ዜናዎችን በተነገረው ቃል እየፈለጉ ለማየት ያስችላል። ለአማርኛ ቴሌቪዥኖች እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሸፍነው ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ የሚያስቀምጡት ነው። ያ ማለት ማኅደሩ በራሱ በጣቢያው እጅ ነው፤ ሲፈልግ ሊያነሳው ይችላል።

ማኅደር ዝም ሲል

በማኅደር አለመገኘት ከአለመኖር ጋር አንድ አይደለም። ዌይባክ ማሽን እያንዳንዱን ደቂቃ አይቀዳም፤ የአንድን ገጽ ጥዋትና ማታ ቀድቶ ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት ቆሞ የወረደውን ርዕስ ሊያልፈው ይችላል። የፌስቡክና የቴሌግራም ጽሑፎችን ደግሞ እምብዛም አይዝም። አዘጋጆችም ርዕስ ይለውጣሉ። በገጹ ላይ ርዕሱ ከታረመ በኋላ ቀድሞ ፌስቡክ ላይ የተጋራው ቅጂ የድሮውን ርዕስ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስክሪንሹቱም እውነተኛ ነው፣ የዛሬው ገጽም እውነተኛ ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ተቋሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ፍርድ ሳይሆን አንድ ምስክርነት ነው። «የእኛ አይደለም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳፍር ስሕተቱን ሰርዞ እየካደም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተቋሙ ጋር ዝምድና የሌለው ቅጂ ይፈለጋል፤ ዜናውን በዚያው ሰዓት ያጋራ ሌላ ገጽ፣ ከሥሩ የተሰጠ አስተያየት፣ የሌላ ሰው ስክሪንሹት በሌላ ስልክ የተነሳ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሁለት ዓይነት ስልክ ያነሱት፣ በፊደል ቅርጽ የሚለያይ በቃል ግን አንድ የሆነ ስክሪንሹት ከተገኘ ለእውነተኛነቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሐሰተኛ ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው አንድ ምስል ነው፤ ሁሉም የሚቀባበለው ያንኑ አንዱን ቅጂ፣ በአንዱ የባትሪ መጠን፣ በአንዱ ሰዓት ነው።

እንግዲህ በምርመራው መጨረሻ የሚሰጡት ፍርዶች ሦስት ናቸው። «ሐሰተኛ ነው» ለማለት መልኩ መክሰሱ ብቻ አይበቃም፤ የማይሆን ነገር መታየት አለበት፣ ወይም የተለወጠው እውነተኛው ምንጭ መገኘት አለበት። «እውነተኛ ነው» ለማለት በተቋሙ በራሱ አድራሻ ወይም በገለልተኛ ማኅደር ውስጥ ቅጂው መታየት አለበት። ከሁለቱም ካልተገኘ ትክክለኛው ፍርድ «ማስረጃ አልተገኘለትም» የሚለው ነው። ይህን ሦስተኛውን ለማለት የሚከብዳቸው ሰዎች ናቸው ከሐሰተኛ ሠሪዎቹ ባላነሰ ሰውን የሚያሳስቱት።

የልምምዳችን ካርድ የወደቀው በአርማው ዘመን ነው፤ በፊደሉ መልክ ወይም በአራት ነጥቡ አይደለም። እነዚያ ጥርጣሬን ቀሰቀሱ እንጂ አልፈረዱም።

አንባቢ ሆይ፣ የዜና ስክሪንሹት ሲደርስዎ ላኪውን «ሊንኩስ?» ብለው ይጠይቁ። ሊንክ ከሌለ አድራሻና ቀን ይጠይቁ፤ እነርሱም ከሌሉ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ። ጊዜ ከሌለዎት ኢትዮጵያ ቼክን፣ ሐቅቼክንና ፔሳቼክን የመሳሰሉ የመረጃ አጣሪዎች ጉዳዩን አይተውት እንደሆነ ይመልከቱ። የዜና ተቋማትም ሐሰተኛ ካርድ ላይ ቀይ ማኅተም ከመምታት ባለፈ በዚያ ቀን ያወጡትን እውነተኛ ካርድ ከነሊንኩ ጎን ያስቀምጡ፣ ያረሙትን ርዕስና የሰረዙትንም ጽሑፍ በግልጽ ይመዝግቡ። ሕዝብ ሊከፍተው የሚችል ማኅደር የሌለው ተቋም በስሙ ለሚሠራ ሐሰት ሁሉ ማስተባበያው ቃሉ ብቻ ይሆናል፤ ቃል ደግሞ በዚህ ዘመን አይበቃም።